97ቱን ሳንቲም ከማከፋፈል በፊት፦ ስለ እጅ ጂፒኤስ ስፋትና ስለ ትራቨርስ መዝጊያ ስህተት

ጥያቄ፦ «ፒያሳ ያለውን የቤተሰባችንን ይዞታ በእጅ ጂፒኤስ ዞሬ ስለካው 431 ካሬ ሜትር አለኝ፤ ካርታው ላይ የተጻፈው ግን 372 ነው። ከዚያ በ20 ሰከንድ ቴዎዶላይትና በሜትር አራቱን ጥግ ዞርን፤ ሲሰላ መነሻው ላይ 97 ሳንቲም አልገጠመም። የትኛውን ልመን? 97ቱን ሳንቲምስ በቦውዲች ላከፋፍለው? የመስክ ደብተሩን ገጽ አያይዣለሁ።»

ምላሽ፦

በአጭሩ፣ ይህን ለመሰለ ጠባብ ይዞታ ጂፒኤሱ የሰጠዎትን ስፋት ይተዉት፤ ትራቨርሱን፣ ማለትም በቴዎዶላይትና በሜትር ከጥግ ወደ ጥግ የለካችሁትን ዙር፣ ይያዙ፤ ነገር ግን 97ቱን ሳንቲም አያከፋፍሉ። ስህተቱን በየመስመሩ ርዝመት ልክ የሚያከፋፍለው የቦውዲች ዘዴ የሚያርመው በእያንዳንዱ መስመር ላይ በጥቂቱ የሚጠራቀመውን የልኬት መዛነፍ ነው፤ በደብተርዎ ውስጥ ያለው ግን አንድ ቦታ ላይ የተፈጠረ ግድፈት ነው፤ ግድፈት ደግሞ ተመልሶ በመለካት እንጂ በሒሳብ አይታረምም። የትኞቹን መስመሮች ደግመው መለካት እንዳለብዎ ከራስዎ ቁጥሮች ማውጣት ስለሚቻል፣ ከዚህ በታች በዝርዝር አሳያለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጂፒኤሱ ልበል። የእጅ ጂፒኤስ ሰማይ በተገለጠበት ሜዳ ላይ እንኳ የአንድን ነጥብ ቦታ የሚሰጠን ከ3 እስከ 5 ሜትር በሚደርስ መዛነፍ ነው። ፒያሳን በመሰለ ሰፈር ደግሞ የሳተላይቱ ምልክት ከፎቅ ግድግዳና ከመስተዋት ተንጸባርቆ ይደርሳል፤ የተንጸባረቀ ምልክት ረዘም ያለ መንገድ ስለሚጓዝ መሣሪያው ሳተላይቱን ከእውነተኛው ርቀት በላይ አርቆ ያሰላል፤ ቦታችንም በዚህ የተነሣ ይገፋል። በመንገዱ በኩል ያለው ጥግ ከፎቁ ፊት ለፊት፣ በጓሮ ያለው ጥግ ከጎረቤት ግንብ ሥር ስለሆነ፣ አራቱ ጥጎች በተለያየ አቅጣጫና በተለያየ መጠን ይገፋሉ። መሣሪያውን አንድ ጥግ ላይ ለ10 ደቂቃ አቁሞ አማካይ ማስያዝም የሚጠቅመው በመጠኑ ብቻ ነው፤ ግንቡ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ነጸብራቁም በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ብዙ አይለወጥምና።

ይህ መዛነፍ ስፋቱን ምን ያህል እንደሚያናጋ በቀላሉ ማየት ይቻላል። ከአራቱ ጥጎች አንዱን ይውሰዱና በግራና በቀኙ ያሉትን ሁለት ጎረቤት ጥጎች በመስመር ያገናኙ፤ በእርስዎ ይዞታ ይህ መስመር ሰያፉ ነው። ያ ጥግ ከሰያፉ 1 ሜትር ቢርቅ ወይም ቢቀርብ ስፋቱ በሰያፉ ርዝመት ግማሽ ያህል ካሬ ሜትር ይለወጣል። ከትራቨርስዎ እንደሚታየው ሰያፎቹ 28.5 እና 26.4 ሜትር ገደማ ስለሆኑ፣ የአንድ ጥግ የ1 ሜትር ፈቀቅታ ብቻውን ከ13 እስከ 14 ካሬ ሜትር ያመጣል ማለት ነው። የእያንዳንዱ ጥግ ንባብ በምሥራቅም በሰሜንም 3 ሜትር ያህል የሚዛነፍ ከሆነና አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ፣ የአራቱ ጥጎች ድምር ውጤት (የየአንዳንዱ ካሬ ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ) 82 ካሬ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ በ431 እና በ372 መካከል ያለው የ59 ካሬ ሜትር ልዩነት ይዞታው ሰፍቷል ወይም ካርታው ተሳስቷል አያሰኝም፤ ጂፒኤሱ 310 ቢልዎትም አይደንቀኝም ነበር። ያው መሣሪያ በያው መዛነፍ ጎኑ 100 ሜትር በሆነ የአንድ ሄክታር ማሳ ላይ ግን 424 ካሬ ሜትር ያህል፣ ማለትም 4 በመቶ ገደማ ብቻ ይሳሳታል። ምክንያቱም ስህተቱ የሚያድገው በጎኑ ልክ ሲሆን ስፋቱ የሚያድገው በጎኑ ካሬ ልክ ነው። የእጅ ጂፒኤስ ለእርሻ ማሳ የሚያገለግለውና ለከተማ ግቢ የማይሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ብዙ ሰዎች «ዞሬ መነሻዬ ላይ ስመለስ ጂፒኤሱ ገጥሟል» እያሉ ይጽናናሉ፤ ይህ ግን ማረጋገጫ አይደለም። በትራቨርስ እያንዳንዱ ጥግ ከቀደመው ጥግ ተነሥቶ ስለሚሰላ በመንገድ ላይ የተፈጠረው ስህተት ሁሉ መነሻው ላይ ተደምሮ ይወጣል። ጂፒኤስ ግን እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻው ከሳተላይት ያነባል፤ መነሻው ጥግ ላይ ሲመለሱም በዚያው ግንብ ሥር ያንኑ የተገፋ ንባብ ሊደግምልዎ ይችላል። ሁለቱ ንባቦች መግጠማቸው ስለ ሌሎቹ ሦስት ጥጎች ምንም አይነግረንም።

ጂፒኤሱን ጥጎቹን ከካርታው ጋር ለማገናኘት የሚጠቀሙበት ከሆነ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያነበው በ`WGS 84` ሲሆን፣ የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዴተም፣ ማለትም በሌላ የኮኦርዲኔት መነሻ፣ ነው። በአዲስ አበባ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር በላይ ነው። ስፋቱን አይለውጠውም፣ ምክንያቱም ጥጎቹ ሁሉ እኩል ይገፋሉ፤ ቦታውን ግን ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ይጥለዋል።

አሁን ወደ ደብተርዎ ልለፍ። ጥጎቹን በሰዓት አዙሪት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላችኋል። የአራቱ የውስጥ ማዕዘኖች ድምር 360 ዲግሪ ከ40 ሰከንድ ወጥቷል፤ በ20 ሰከንድ ቴዎዶላይት ለተለካ አራት ጥግ ይህ የሚፈቀድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ማዕዘን 10 ሰከንድ መቀነሳችሁም ትክክል ነው። 10 ሰከንድ በ20 ሜትር ርቀት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ችግሩን ከማዕዘኖቹ ዘንድ መፈለግ አያስፈልግም። ይህን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል፤ ማዕዘኖቹ ካልተዘጉ ከዚህ በታች ያለው ምርመራ አይሠራም። ከታረሙት ማዕዘኖች ያወጣችኋቸው አዚሙዞች፣ ማለትም ከሰሜን በሰዓት አዙሪት የተቆጠሩ የመስመሮቹ አቅጣጫዎች፣ እና በሜትር የተለኩት ርዝመቶች እንዲህ ናቸው፦ ከሀ እስከ ለ 78°30′ እና 18.42 ሜትር፣ ከለ እስከ ሐ 166°10′ እና 20.95 ሜትር፣ ከሐ እስከ መ 259°40′ እና 18.30 ሜትር፣ ከመ እስከ ሀ 343°05′ እና 20.70 ሜትር።

ስሌቱን በኤክሴል የሚሠሩ ከሆነ ቀመሮቹ እነዚህ ናቸው፤ ኤክሴል ማዕዘንን በራዲያን ስለሚቀበል `RADIANS` እንዳይረሳ፤ ደቂቃውንም በ60 አካፍለው ከዲግሪው ጋር ይደምሩት።

```
dE = L*SIN(RADIANS(Az))
dN = L*COS(RADIANS(Az))
cE = -sumE*L/P
cN = -sumN*L/P
```

`L` የመስመሩ ርዝመት፣ `Az` አዚሙዙ፣ `P` የአራቱ መስመሮች ድምር፣ `sumE` እና `sumN` የአራቱ `dE` እና የአራቱ `dN` ድምሮች ሲሆኑ፣ `dE` እና `dN` እያንዳንዱ መስመር ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደሄደ የሚያሳዩ ናቸው፤ `cE` እና `cN` ደግሞ የቦውዲች ማረሚያዎች ናቸው። ዙሩ ሙሉ ከሆነ የምሥራቁ ድምር ዜሮ፣ የሰሜኑም ድምር ዜሮ መሆን ነበረበት። በእርስዎ ቁጥሮች፣ እያንዳንዱ `dE` እና `dN` ወደ ሙሉ ሳንቲም ሲጠጋጋ፣ የምሥራቁ ድምር −0.96፣ የሰሜኑ ደግሞ −0.15 ሜትር ይመጣል፤ የሁለቱ ውጤት ያ 97 ሳንቲም ነው። ለ78.37 ሜትር ዙሪያ ይህ 1 ለ81 ማለት ነው። በሜትር በጥንቃቄ የተለካ የከተማ ግቢ 1 ለ2000 አካባቢ መድረስ ስለሚችል፣ 1 ለ81 የእጅ መንቀጥቀጥ ወይም የሜትር መላላት ያመጣው ሊሆን አይችልም።

መጠኑን ብቻ አይተው አይለፉ፤ የመዝጊያ ስህተቱ አቅጣጫም አለው፤ ፍንጩም እዚያ ውስጥ ነው። የአንድ መስመር ርዝመት ብቻ በስህተት ከተጻፈና ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ያ ትርፍ ወይም ጉድለት ዙሩን ሁሉ አልፎ መነሻው ላይ የሚታየው በራሱ በመስመሩ አቅጣጫ ነው። የእርስዎ ስህተት ወደ 261 ዲግሪ ገደማ ያመለክታል። ከሐ እስከ መ ያለው መስመር አዚሙዝ 259°40′ ስለሆነ ከዚህ አቅጣጫ ጋር ከሞላ ጎደል ይገጥማል፤ ሌሎቹ ሁለት ረጃጅም መስመሮች፣ ከለ እስከ ሐ እና ከመ እስከ ሀ ያሉት፣ ከዚህ አቅጣጫ በጣም ስለሚርቁ ከጥርጣሬ ነጻ ናቸው። ስለዚህ የሐመ መስመር በ1 ሜትር ረዝሞ ተጽፏል ብሎ መገመት ይቻላል፤ እውነተኛው 17.30 ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግድፈት ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሜትሩ ጫፍ ስላለቀ ያዡ ዜሮውን ትቶ 1 ሜትር ላይ ሲይዝና ጸሐፊው መቀነሱን ሲረሳ ነው፤ ወይም የሜትሩ ቁጥር ከእጅ ሥር ተሸፍኖ ሲቀር ነው።

ይሁንና እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሀለ መስመር ከሐመ ትይዩ ነው ማለት ይቻላል፤ የተገላቢጦሹ አቅጣጫ 258°30′ ነው። ሀለ በ1 ሜትር አጥሮ ተጽፎ፣ እውነተኛው 19.42 ቢሆን ኖሮም መነሻው ላይ የሚታየው ስህተት ይኸው ነበር። አብዛኛው ባለ አራት ጥግ ግቢ ይህ ድክመት አለበት፤ ተቃራኒ ጎኖቹ ተቀራራቢ አቅጣጫ ስላላቸው የመዝጊያ ስህተቱ ሁለት ተጠርጣሪ ይሰጠናል እንጂ አንዱን ለይቶ አይነግረንም። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ጥፋቱ የሐመ ከሆነ ስፋቱ 371 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የሀለ ከሆነ ግን 391 ይሆናል። ሁለቱም ዙሮች ከ6 ሳንቲም ባልበለጠ ስህተት ስለሚዘጉ በወረቀት ላይ ሁለቱም ያማሩ ይመስላሉ። ካርታው 372 ስለሚል «ጥፋቱ የሐመ ነው» ብሎ መደምደምም ተገቢ አይደለም፤ ልኬቱ የተደረገው ካርታውን ለመመርመር ከሆነ ካርታውን ምስክር አድርጎ መጥራት አይቻልምና።

97ቱን ሳንቲም እንዳለ በቦውዲች ቢያከፋፍሉት ምን ይመጣ እንደነበርም አስልቼዋለሁ፤ ስፋቱ 381 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከሁለቱ መልሶች መካከል ላይ የተቀመጠ፣ ሁለቱንም ያልሆነ ቁጥር። በደህና ተለክቶ የነበረው የለሐ መስመር እንኳ ጥፋት ሳይኖርበት 26 ሳንቲም ያህል ማረሚያ ይሸከማል። ሠንጠረዡ ግን መጨረሻ ላይ ዜሮ ስለሚያሳይ፣ ደብተሩን ከእርስዎ በኋላ የሚያይ ሰው አንዳች ችግር እንደነበረ አያውቅም። አጥብቄ የምቃወመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በፒያሳ 10 ካሬ ሜትር የወሰን ጠብ ለማስነሣት ይበቃል።

ስለዚህ ተመልሰው ሀለን እና ሐመን ደግመው ይለኩ። ግቢው መሃል ላይ ቤት ካልከለከለ ከለ እስከ መ ያለውን ሰያፍም ይለኩ፤ 26.36 አካባቢ ከወጣ ጥፋቱ የሐመ ነው፤ 26.99 አካባቢ ከወጣ የሀለ ነው። ሰያፉ ዙሩ የማያውቀው ተጨማሪ ልኬት ስለሆነ ከማንኛውም ስሌት የበለጠ ይመሰክራል።

ሐመ 17.30 ሆኖ ከተገኘ ቀሪው ሥራ እንዲህ ይሄዳል። የምሥራቁ ድምር 0.02፣ የሰሜኑ 0.03 ሜትር ይሆናል፤ የመዝጊያ ስህተቱ 3.6 ሳንቲም፣ ለ77.37 ሜትር ዙሪያ 1 ለ2150 ገደማ ነው። ይህ በእውነት የልኬት መዛነፍ ስለሆነ አሁን ቦውዲች ቦታው ነው። ማረሚያው በየመስመሩ ርዝመት ልክ ይከፋፈላል፤ በምሥራቅ ከአራቱም መስመሮች 5፣ 5 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል፤ በሰሜን ከሀለ 7፣ ከለሐ 8፣ ከሐመ 7፣ ከመሀ 8 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል። ቅናሹ ምልክቱን ጠብቆ እንዲሠራ ይጠንቀቁ፤ የሐመ የምሥራቅ ልዩነት −17.020 ስለሆነ 5 ሚሊ ሲቀነስለት −17.025 ይሆናል እንጂ −17.015 አይሆንም። በኤክሴል ሳይሆን በእጅ ሲሠራ በብዛት የማየው ስህተት ይህ ነው፤ ማረሚያው ከተከፋፈለ በኋላ ድምሩ ዜሮ ካልመጣ መጀመሪያ ምልክቶቹን ይመልከቱ።

ሀን 100.000 ምሥራቅ፣ 100.000 ሰሜን ብለን ብንነሣ ለ 118.045 እና 103.663፣ ሐ 123.050 እና 83.315፣ መ 106.025 እና 80.208 ይሆናሉ፤ ከመ ስንነሣም በትክክል ሀ ላይ እንመለሳለን። ከዚህ በኋላ የእያንዳንዱን ጥግ ምሥራቅ በቀጣዩ ጥግ ሰሜን ማባዛት፣ ከዚያም የቀጣዩን ምሥራቅ በዚህኛው ሰሜን አባዝቶ መቀነስ፣ አራቱን ውጤት ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው፤ በሰዓት አዙሪት ስለዞርን ውጤቱ ነጋቲቭ ይመጣል፤ ምልክቱን መተው ነው። ስፋቱ 370.6 ካሬ ሜትር ይወጣል። እያንዳንዱ ጥግ በ2 ሳንቲም ይዛነፋል ብንል እንኳ ስፋቱ የሚዛነፈው በግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጂፒኤሱ 82 ጋር ያነጻጽሩት።

ነገር ግን ዙሩ በደንብ መዘጋቱ ርዝመቶቹ ትክክል ናቸው ማለት እንዳልሆነ ልንገርዎ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ግቢ ለካሁ፤ ዙሩ በሚያስደስት ሁኔታ ተዘጋ፤ ስፋቱ ግን ከጎረቤቱ ልኬት ጋር ሊጣጣም አልቻለም። ሜትሩን ከአዲስ ሜትር ጎን ዘርግቼ ሳየው ጫፉ ተቆርጦ ቀለበቱ 10 ሳንቲም ላይ ተመልሶ ታስሯል፤ ባለቤቱ ያደሰው ጠቅሞኝ መስሎት ነበር። እያንዳንዱ መስመር 10 ሳንቲም ረዝሞ ሲነበብ፣ ሲሄዱ የተጨመረው ሲመለሱ በትይዩው ጎን ስለሚጣፋ መነሻው ላይ ምንም አይታይም። በእርስዎ ግቢ ላይ ይህ ቢደርስ የመዝጊያ ስህተቱ የሚለወጠው ከ1 ሳንቲም ባነሰ ሲሆን ስፋቱ ግን በ4 ካሬ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ሲመለሱ ሜትሩን ከሌላ ሜትር ጋር አስተያይተው ይውጡ።

ቁልቁለትም እንዲሁ ራሱን ይደብቃል። ፒያሳ ተዳፋት ነው፤ የ20.95 ሜትር መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ቢወርድና ሜትሩ መሬቱን ተከትሎ ቢዘረጋ ርዝመቱ በ10 ሳንቲም ገደማ ይበልጣል፤ ትይዩው ጎንም በዚያው ልክ ስለሚበልጥ ዙሩ ይዘጋል። ሜትሩን በውኃ ልክ አግድም ይያዙት፤ ቁልቁለቱ ከወገብ ከፍታ ካለፈ መስመሩን በቱንቢ ከፋፍለው ይለኩት።

በካርታው 372 እና በ370.6 መካከል ስለሚቀረው የ1.4 ካሬ ሜትር ልዩነት ብዙ አይጨነቁ። ጥጉ ከግንቡ ውስጠኛ ፊት፣ ከመሃሉ ወይስ ከውጭው መያዙ ብቻውን ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ ያመጣል፤ በ77 ሜትር ዙሪያ ላይ 5 ሳንቲም የግንብ ውፍረት 4 ካሬ ሜትር ገደማ ነውና። በተጨማሪም የካርታው ስፋት ከዩቲኤም ኮኦርዲኔት የተሰላ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ መሬት ላይ የተለካ 100 ሜትር በዩቲኤም 99.92 ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ሁለቱን ከማነጻጸርዎ በፊት ከእርስዎ ስፋት ግማሽ ካሬ ሜትር ገደማ መቀነስ አለበት።

ደግመው የለኳቸው ሀለም ሐመም እንደ በፊቱ ከወጡ፣ ግድፈት አንድ ሳይሆን ሁለት ነው ማለት ስለሆነ፣ ምንም ሳያርሙ አራቱንም መስመሮች በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከሀ ወደ መ እየዞሩ ለክተው ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ይላኩልኝ።